«በ10 ቀናት ውስጥ» ሲባል የመጨረሻው ቀን የቱ ነው?

ጥያቄ፦ «የማመልከቻ ማስታወቂያ እንድጽፍ ታዝዣለሁ። “በ10 ቀናት ውስጥ” ልበል ወይስ “በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ”? የሚያመጣው ልዩነት አለ?»

አለ። ግን «የሥራ» የምትለዋን ቃል መጨመር ብቻውን አይበቃም። መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ማስታወቂያ አርቅቄያለሁ፣ ማመልከቻም ተቀብያለሁ። የገጠመኝን ልንገርዎት።

ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን 2018 ያረቀቅኩት ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ» ይላል። ሁላችንም የለመድነው አጻጻፍ ነው። ኅዳር 18 ጠዋት አንዲት ሴት ሰነዷን ይዛ መጣች። «ትናንት ተዘግቷል» አልኳት። ከቦርሳዋ ትንሽ ካሌንደር አወጣች። ከኅዳር 5 ጀምራ የሥራ ቀናቱን አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ከብባለች። 10ኛው ክብ 18 ላይ አረፈ። እኛ ግን ማስታወቂያው የወጣበትን 4ንም ቆጥረን 17 ላይ ጨርሰን ነበር። ማመልከቻዋ ሳይታይ ቀረ። እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ያ ጽሑፍ የእሷንም የእኛንም ቆጠራ ይፈቅዳል።

የዚያኑ ዕለት ማታ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ቅዳሜና እሁድም ከተቆጠሩ፣ ሐሙስን ጨምሮ 10ኛው ቀን ቅዳሜ ኅዳር 13 ነው። ቆጠራው ከማግስቱ ከጀመረ እሁድ 14 ይሆናል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ብቻ የሥራ ቀን ከሆነ ረቡዕ 17 ወይም ሐሙስ 18 ይመጣል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ቤት ደግሞ ቅዳሜንም የሥራ ቀን ብሎ ቢቆጥር ሰኞ 15 ወይም ማክሰኞ 16 ላይ ያበቃል። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ስድስት የተለያዩ ቀኖች ወጡ! «ተከታታይ» የምትለው ቃልም ነገሩን ታወሳስባለች። አንዳንዱ አንባቢ «ተከታታይ ከተባለ ቅዳሜና እሁድም አለበት» ብሎ ይረዳታል።

ስለዚህ ለሁሉም ሰው እኩል በሚለጠፍ ማስታወቂያ ላይ አንባቢውን አያስቆጥሩት። እርስዎ ይቁጠሩና ያገኙትን ቀን ይጻፉ። እኔ አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦

«ማመልከቻ የምንቀበልበት የመጨረሻ ቀን ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በዚሁ ዕለት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ድረስ እጃችን የገባ ማመልከቻ ይታያል።»

የሳምንቱን ስም የጨመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በጽሕፈት ስህተት 17 የነበረው 27 ቢሆን፣ ቀኑ ከረቡዕ ጋር ስለማይገጥም ቶሎ ይታያል። «እጃችን የገባ» ያልኩትም በመጨረሻው ቀን ፖስታ ቤት ያስገባ ሰው እንዳይከራከር ነው። «እስከ ኅዳር 17» ብቻ ከተባለ ደግሞ 17 ራሱ ይግባ አይግባ አይታወቅም። «የመጨረሻ ቀን» ሲባል ግን ጥያቄ አይነሳም። ሰዓቱንም «11:00» ብለው ብቻ አይተዉት፤ የቀን ወይም የሌሊት መሆኑን ይጻፉ። «ረቡዕ እኩለ ሌሊት» የሚለውንም ይተዉት። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነው ወይስ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ?

ቁርጥ ያለ ቀን መጻፍ የማይቻልበት ቦታም አለ። ለምሳሌ ውሳኔ በደብዳቤ ለየሰዉ ሲላክ፣ ይግባኝ የሚጠየቅበት ጊዜ ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ነው የሚቆጠረው። ያኔ «ደብዳቤው ከደረሰዎት ማግስት ጀምሮ የሚቆጠሩ 10 የሥራ ቀናት» ይበሉ። ቀጥለውም «የሥራ ቀን ማለት ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ነው፤ የሕዝብ በዓላት አይቆጠሩም» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። የደረሰበትን ቀን ተቀባዩ ፈርሞ ካላረጋገጠ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም።

መመሪያችሁ «10 የሥራ ቀናት» ብሎ የሚያስገድድ ከሆነም ሁለቱንም አንድ ላይ ይጻፉ፦ «ከዓርብ ኅዳር 5 ጀምሮ 10 የሥራ ቀናት፣ ማለትም እስከ ሐሙስ ኅዳር 18፣ 18ን ጨምሮ»። ከመውጣቱ በፊት ሌላ ሰው ካሌንደር ይዞ ለብቻው ይቁጠረው። የእሱና የእርስዎ ቀን ካልተገናኘ ጽሑፉ ገና አልጠራም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ይኼ ነው። ማስታወቂያው ሰኞ ይረቀቃል፣ ፊርማ ሲጠብቅ ይውላል ያድራል፣ ሐሙስ ይለጠፋል። የመጨረሻው ቀን የተሰላው ግን በሰኞው ነው። አመልካቹ ሦስት ቀን ተወሰደበት ማለት ነው። እኔ ረቂቁ ላይ የመጨረሻውን ቀን ባዶ እተወዋለሁ፤ ተፈርሞ ሊለጠፍ ሲል ቆጥሬ እሞላዋለሁ።