«እስከ ዓርብ» ሲባል የማን ዓርብ ነው?

ጥያቄ፦ «ጅማ ሆኜ ብራስልስና ሲያትል ካሉ ባልደረቦች ጋር እሠራለሁ። እስከ ዓርብ የተባለ ጥያቄ ዓርብ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ስከፍተው ጊዜው አልፏል ይላል፤ ጠያቂው ግን ገና ጊዜ አለህ ይለኛል። የትኛውን ልመን?»

አንዳቸውንም እንዳለ አይቀበሉ። እኔም እዚሁ ጅማ የቡና ናሙና ውጤት ለውጭ ባልደረቦች በሚያስረክብ ቡድን ውስጥ ስለምሠራ ነገሩ ደጋግሞ ይገጥመናል፤ መጀመሪያ የማየውም ከቀኑ አጠገብ የተጻፈውን ሰዓት ነው። ስክሪንዎ ላይ 03:00 የሚል ከሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነውና፣ ያንን ሰዓት አስቦ የመረጠው ሰው ላይኖር ይችላል። ጠያቂው ቀኑን ብቻ መርጦ ሰዓቱን ሳይሞላ ሲተወው፣ አንዳንድ ሲስተሞች ቀኑን በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በዩቲሲ 00:00 UTC ብለው ይመዘግቡታል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም እኛ ዘንድ 03:00 ሆኖ ይታያል።

አንዱን ጉዳይ በዝርዝር ልግለጸው። የሲያትሉ ባልደረባችን የናሙናዎቹን የእርጥበት መጠን እስከ ዓርብ የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆቹ እስከ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2026፣ እንድናረጋግጥለት ጠየቀ። ሰዓት ስላልጻፈ ሲስተሙ የጥያቄውን ጊዜ ዓርብ ሊነጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዘጋው። ያው ቅጽበት ሲያትል ላይ ገና ሐሙስ 16:00 ነው። ጠያቂው በልቡ የያዘው ግን ዓርብ ከሥራ የሚወጣበትን 17:00 ነበር፤ በዚያ ወቅት ከሲያትል በ11 ሰዓት ስለምንቀድም ይህ ለእኛ ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። በሲስተሙና በጠያቂው ሐሳብ መካከል የ25 ሰዓት ልዩነት ነበር ማለት ነው፤ ሁለቱም ግን «ዓርብ» ነው የሚሉት።

እውነተኛው ቀነ ገደብ ከሁለቱም የተለየ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱን ቀጥላ የምትጠቀመው የብራስልሷ ባልደረባ ናት፤ ዓርብ በእነርሱ 14:00 ለሚጀመረው ስብሰባ በሰንጠረዥ ልታስገባው ትፈልግ ነበር፤ ያ ሰዓት በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ሰንጠረዡን ለማዘጋጀት አንድ ሰዓት ቢተውላት፣ ውጤቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እጇ መግባት ነበረበት። እዚህ ደግሞ ዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ፣ ፊርማ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጠዋት ካላለቀ ከሰዓት በኋላ የሚቀረው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ይህ ሁሉ በጥያቄው ላይ አልተጻፈም፤ ያወቅነው «ውጤቱን ቀጥሎ የሚከፍተው ማን ነው? በስንት ሰዓትስ ይፈልገዋል?» ብለን ስለጠየቅን ነው። በእኔ አስተያየት ከየትኛውም የሰዓት ማስሊያ ይልቅ ይህ ጥያቄ ይጠቅማል፤ ሰዓቱን በትክክል አስልቶ የተሳሳተውን ሰው የሚጠብቅ ብዙ ነውና።

መልሱን ካገኙ በኋላ ጥያቄው ሥር የራስዎን ቀጠሮ ይጻፉ፤ እኛ በዚያን ጊዜ የጻፍነው «ዓርብ ፌብሩዋሪ 27፣ ጅማ 15:00፣ ብራስልስ 13:00፣ 12:00 UTC» የሚል ነበር። ለውጭ ሰው «በ9 ሰዓት» ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው፤ ብራስልስ ያለው ሰው ጠዋት 9:00 ብሎ ይረዳውና ከሰዓታት በፊት ዘገያችሁ ይላል። ሲስተሙ ላይ የተመዘገበውንም ሰዓት ጠያቂው ራሱ እንዲያስተካክለው ይጠይቁ፤ አለበለዚያ ጊዜው አልፏል የሚለው ቀይ ምልክት እንዳለ ይቀራል፣ ሪፖርት የሚያወጣውም አካል በእርስዎ ስም እንደዘገየ ይቆጥረዋል።

ልዩነቱን አንድ ጊዜ በቃል ይዞ ዓመቱን ሙሉ መጠቀም ግን አይቻልም። እኛ ሰዓታችንን አንቀይርም፤ አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ፣ አውሮፓ ደግሞ በማርች የመጨረሻው እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ያስኬዳሉ። በ2026 እነዚህ ቀናት ማርች 8 እና ማርች 29 ስለሆኑ፣ በመካከላቸው ባሉት ሦስት ሳምንታት ከሲያትል ጋር ያለን ልዩነት ወደ 10 ሰዓት ሲወርድ ከብራስልስ ጋር ያለን ግን 2 ሰዓት እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ በጣት ከመቁጠር የከተማውን ስም ሰጥቶ ኮምፒውተሩን ማሠራት ይሻላል፤ ሊኑክስ ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

```
TZ="Africa/Addis_Ababa" date -d 'TZ="America/Los_Angeles" 2026-02-27 17:00'
```

የሲያትል ሰዓት ኮምፒውተሩ በሚጠቀምበት የከተሞች ዝርዝር ውስጥ በሎስ አንጀለስ ስም የተመዘገበ ነው። ትእዛዙ ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 28፣ 04:00 ይላል። የሲያትልን መደበኛ ሰዓት የሚያመለክተውን PST የሚለውን አጠራር ብቻ ይዘው አያስሉ፤ ሰዓቱ ወደ ፊት በሄደባቸው ወራትም PST ብለው የሚጽፉ ብዙዎች ስለሆኑ በአንድ ሰዓት ሊስቱ ይችላሉ።