ብዙ ጠቅታ ወይስ ረጅም ቆይታ? ሁለት ርዕሶችን ስለ ማወዳደር

ጥያቄ፦ «ለአንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ ሁለት ርዕስ ሞከርኩ። በመጀመሪያው ርዕስ የጠቅታው መጠን ከመቶ 4 ነበር፣ አማካይ የመመልከቻ ጊዜው ደግሞ 4 ደቂቃ። ርዕሱን ስቀይረው ጠቅታው ወደ 6 ከፍ አለ፣ የመመልከቻ ጊዜው ግን ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ወረደ። የትኛውን ላስቀር? እህታችሁ ነኝ፣ ልምድ ያላችሁ ብትነግሩኝ።»

እህቴ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ካየሻቸው አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይጎትትሻል። አባዢያቸው። ቪዲዮሽ አንድ ሺህ ጊዜ በሰዎች ስልክ ላይ ብቅ ቢል፣ በመጀመሪያው ርዕስ 40 ሰው ይገባና እያንዳንዱ በአማካይ 4 ደቂቃ ይቆያል፤ 160 ደቂቃ ሆነ። በሁለተኛው 60 ሰው ገብቶ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይቆያል፤ 150 ደቂቃ። ስለዚህ በጠቅታ በግማሽ የበለጠው ርዕስ በጠቅላላ የመመልከቻ ጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቷል። እኔ ርዕስ የምመዝነው በዚህ ነው፤ በሺህ ኢምፕሬሽን ስንት ደቂቃ ታየ? ዩቲዩብ ራሱም በስቱዲዮ ውስጥ ባስገባው የርዕስና የሽፋን ምስል ፈተና አሸናፊውን የሚመርጠው በጠቅታ ሳይሆን በመመልከቻ ጊዜ ድርሻ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ሁለቱ ቁጥሮች ስለ አንድ ዓይነት ተመልካች የሚናገሩ ከሆነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ አይደሉም። የጠቅታ መጠን የሚቆጠረው የሽፋን ምስሉ በዩቲዩብ ውስጥ ሲታይ ብቻ ነው፤ ያውም ቢያንስ ግማሹ ከአንድ ሰከንድ በላይ ስክሪን ላይ ሲቆይ። ከቴሌግራም ወይም ከፌስቡክ ሊንክ ተከትሎ የመጣ ሰው እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። በአማካይ የመመልከቻ ጊዜው ውስጥ ግን አለ! ከእኛ ቻናሎች ብዙዎቹ ደግሞ ተመልካች ከቴሌግራምም ያመጣሉ። ሁለተኛውን ርዕስ ባወጣሽበት ሳምንት ሊንኩን በሦስት ትልልቅ ግሩፖች ለቀሽ ከነበረ፣ ሊንክ ነክቶ ሃያ ሰከንድ አይቶ የሚወጣው ሰው አማካዩን ጎትቶ ያወርደዋል፤ ርዕሱ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል።

ስለዚህ ከቪዲዮው Analytics ገብተሽ Advanced mode የሚለውን ክፈቺ፣ ከላይ Traffic source የሚለውን ምረጪ። ከዚያ Impressions፣ Impressions click-through rate እና Average view duration በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን እንዲታዩ አድርጊ። ማባዛት ያለብሽ በአንድ መስመር ላይ ያሉትን ቁጥሮች ነው፤ የ Browse features፣ ማለትም በዋናነት የመነሻ ገጹ፣ ጠቅታ ከ Browse features ቆይታ ጋር፣ የ YouTube search ጠቅታ ከ YouTube search ቆይታ ጋር። ከዩቲዩብ ውጭ በሊንክ የመጡትን የሚይዘውን External የሚለውን መስመር ለርዕስ ፍርድ አትጠቀሚበት። ነገር ግን በአንዱ ርዕስ ጊዜ ከሌላው በጣም ከበዛ ለምን እንደሆነ ጠይቂ።

መስመር ለመስመር ማየት ምን እንደሚያሳይ ከራሴ ላካፍልሽ። ከባለቤቴ ጋር የምንሠራው የምግብ ቻናል አለን፤ ከተመልካቾቻችን ብዙዎቹ በውጭ አገር ቀዝቃዛ ኩሽና ውስጥ ሊጥ የሚያቦኩ ናቸው። ስለ እንጀራ በሠራነው አንድ ቪዲዮ ላይ ሁለት ርዕስ አፈራረቅን። የመጀመሪያው «እንጀራ ዓይን እንዲያወጣ አብሲት አጣጣል» የሚል ነበር፤ ሁለተኛው «እንጀራችሁ ዓይን የማያወጣበት ምስጢር»። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቼ ልንገርሽ። በ Browse features መስመር የአብሲቱ ርዕስ 3.5 ከመቶ ጠቅታና 5 ደቂቃ ቆይታ ነበረው፤ በሺህ 175 ደቂቃ። «ምስጢሩ» 5.5 ከመቶ ጠቅታ አመጣ፣ ቆይታው ግን 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሆነ፤ በሺህ 147 ደቂቃ ገደማ። በ YouTube search መስመር ልዩነቱ ይበልጥ ሰፋ፤ «አብሲት» ብላ የምትፈልግ ሴት ርዕሱ ላይ ቃሉን ስታጣ ዝም ብላ ታልፋለች፣ ጠቅታው በግማሽ ያህል ወረደ።

በመነሻ ገጹ ላይ ግን ምስጢሩ ለምን ብዙ ሰው አስገብቶ ቶሎ አስወጣ? መልሱ ያለው በተመልካች ቆይታ ግራፉ ላይ ነው። በምስጢሩ ርዕስ ቀናት መስመሩ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ቁልቁል ይወርዳል። ቪዲዮው ሲጀምር ሰላምታ አለ፣ ከዚያ ጤፍ ይነፋል፣ ይቦካል፤ አብሲቱ የሚመጣው ከስድስተኛው ደቂቃ በኋላ ነው። አብሲት አጣጣል ብሎ የገባ ሰው ሒደቱን ሊማር ስለመጣ ይታገሣል። ምስጢር ተብሎ የተጠራ ግን አንድ ነገር ሊሰማ ነው የመጣው፤ ወንፊት ሲያይ ይወጣል። ቪዲዮው ያው ነው፤ ርዕሱ የጠራው ሰው ነው የተለየው።

እንዲህ ሲሆን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ብቻ አይደለም ያለሽ ዕድል። ሦስተኛ ርዕስ ጻፍን፦ «እንጀራ ዓይን አላወጣም? አብሲቱን ተመልከቱ»። የተመልካቹን ችግር ከምስጢሩ ርዕስ ወሰደ፣ መልሱን ደግሞ ሳይደብቅ ከመጀመሪያው ወሰደ። ጠቅታው 4.8፣ ቆይታው 4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሆነ፤ በሺህ 224 ደቂቃ። በጠቅታም በቆይታም አንደኛ አልወጣም፣ በብዜቱ ግን ሁለቱንም በለጠ። በነገራችን ላይ በስቱዲዮው ኤዲተር ሰላምታውን ቆርጠን ማውጣት እንችል ነበር፤ ሆኖም ርዕሱንና ቪዲዮውን በአንድ ጊዜ ከነካሽ የትኛው ለውጥ እንዳመጣው አይታወቅም። አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው ሂጂ።

አሁን ወደ አንቺ ቁጥሮች ልመለስና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጀመሪያውን ርዕስ ቪዲዮው ሲወጣ፣ ሁለተኛውን በኋላ ነው ያደረግሽው? ከሆነ ያወዳደርሽው ርዕስ ብቻ ሳይሆን የቪዲዮውን ዕድሜም ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያዩት በአብዛኛው የሚያውቁሽ፣ ድምፅሽን የለመዱ ሰዎች ናቸው። ቆይቶ ዩቲዩብ ወደማያውቁሽ ሰዎች ሲያሰፋው ኢምፕሬሽኑ ይጨምራል፣ ጠቅታና ቆይታ በተለምዶ ይወርዳሉ። የአንቺ ጠቅታ በኋለኛው ሳምንት መውጣቱ ለሁለተኛው ርዕስ ጥሩ ምስክር ነው፤ የቆይታው መውረድ ግን ከርዕሱ ይሁን ከአዲሶቹ ተመልካቾች አይለይም።

መፍትሔው ማፈራረቅ ነው። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ግርግር እስኪረጋጋ ጠብቂ፣ ከዚያ አንዱን ርዕስ ለአንድ ሙሉ ሳምንት፣ ሌላውን ለሚቀጥለው፣ ከዚያ እንደገና አንደኛውን፣ እንደገና ሁለተኛውን አድርጊ። ሙሉ ሳምንት የምልሽ የቅዳሜና እሑድ ተመልካች ከማክሰኞው ስለሚለይ ነው። በሁለቱም ዙር አንዱ ርዕስ ከበለጠ ማመን ይቻላል፤ በአንዱ ዙር አሸንፎ በሌላው ከተሸነፈ ልዩነት የለም በይ። ርዕሱን የምትቀይሪበት ሰዓትም ትንሽ ነገር አይደለም። የስቱዲዮ ቀን የሚለወጠው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ እኩለ ሌሊት ነው፤ ይህም በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱባቸው የብርድ ወራት ደግሞ 5 ሰዓት ላይ ይውላል። ማታ ከቀየርሽ የአንዱ ቀን ቁጥር የሁለቱ ርዕስ ቅይጥ ይሆንብሻል። ቁጥሮቹም ተሟልተው እስኪገቡ ሁለት ቀን ያህል ስለሚዘገዩ በማግስቱ አትፍረጂ። የጾም ምግብ ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ አንዱን ርዕስ በዐቢይ ጾም፣ ሌላውን ከፋሲካ በኋላ አታድርጊ፤ ውጤቱ ከወዲሁ የታወቀ ነው።

የኢምፕሬሽኑን ብዛት አልነገርሽንም፤ እሱ ሳይታወቅ 4 እና 6 ምንም ላይሉ ይችላሉ። ስታትስቲክስ ሳትማሪ የምትጠቀሚበት መላ አለ። የጠቅታዎቹን ብዛት ውሰጂ፣ በካልኩሌተር ስኩዌር ሩቱን አውጪ፣ እጥፍ አድርጊው። ያ ቁጥር በአጋጣሚ ብቻ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዋዥቅ የሚችለው ነው። በሺህ ኢምፕሬሽን 40 ጠቅታ ከሆነ ስኩዌር ሩቱ 6 ገደማ፣ እጥፉ 12 ነው፤ እውነተኛው ከ28 እስከ 52 የትም ሊሆን ይችላል። 60 ጠቅታ ደግሞ ከ44 እስከ 76። ሁለቱ ተደራርበዋል፤ ስለዚህ በሺህ ኢምፕሬሽን መፍረድ አይቻልም። በአምስት ሺህ ግን 200 ጠቅታ ከ172 እስከ 228፣ 300 ጠቅታ ከ265 እስከ 335 ይሆናል፤ አይነካኩም፣ ልዩነቱ እውነት ነው። ልዩነቱ ከ5 ወደ 5.4 ያህል ጠባብ ከሆነ አሥር ሺህ እንኳ አይበቃም። ለትንሽ ቻናል እንዲህ ዓይነቱን ጥቃቅን ልዩነት ማሳደድ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። በአሳብ የሚራራቁ ርዕሶችን ፈትኚ፣ አንድ ቃል የተቀየረባቸውን አይደለም።

ለአማካይ የመመልከቻ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀላል መላ የለም፤ ጥቂት ሰዎች እስከ መጨረሻ ቢያዩት አማካዩ ይዘላል፣ ስቱዲዮውም የእያንዳንዱን ቆይታ ዘርዝሮ አይሰጥሽም። ሁለት ዙር ማፈራረቁ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

የስቱዲዮው የራሱ የርዕስ ፈተና ለቻናልሽ ተከፍቶ ከሆነ፣ በኮምፒውተር ገብተሽ እስከ ሦስት ርዕስ ማስገባት ትችያለሽ። ርዕሶቹን በተመሳሳይ ጊዜ ለተለያዩ ሰዎች ስለሚያሳይ የቀንና የበዓል ጣጣ የለበትም፤ ከእጅ ሥራው እሱን እመርጣለሁ። እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ ኢምፕሬሽን ካነሰም አሸናፊ ሳይሰይም ሊያበቃ ይችላል። የሚሰጥሽ የመመልከቻ ጊዜ ድርሻ ስለሆነ ግን ርዕሱ ያሸነፈው ብዙ ሰው ጠርቶ ይሁን የተጠራውን አቆይቶ አይነግርሽም። ቀጣዩን ርዕስ ስትጽፊ የሚጠቅምሽ ይህ ስለሆነ፣ ሰንጠረዡን ማንበብ ልመጂ።

ለአሁኑ፣ External ከወጣ በኋላም 160 ለ150 ከሆነልሽ የመጀመሪያውን ርዕስ መልሺ፣ በሁለተኛው ርዕስ ቀናት የነበረውን ግራፍ ክፈቺና ሰዎቹ በየትኛው ሰከንድ እንደወጡ እዪ። በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ከሆነ ርዕሱ ቃል የገባውንና ቪዲዮው የሚጀምርበትን አስተያዪ። ከመሐል ከሆነ ግን ርዕሱን ተዪው፤ ችግሩ እዚያው ቦታ ላይ ያለው ትዕይንት ነው።