የጋራ ሞተር ወጪ፦ በጥማድ ወይስ በሰዓት?

ሐርቡ አጠገብ የጋራ የውሃ ሞተራችንን መዝገብ የምይዝ ገበሬ ነኝ። የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ከቆቦ፦ «ሞተሩ የአራታችን ነው። ናፍጣውን በጥማድ እንካፈላለን፤ መሬት የበዛለት ብዙ ይጠጣልና ትክክል ይመስለኛል። ግን ጭቅጭቁ አልበረደም።»

ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነው። ጉድጓድ ማስጠረግና ቱቦ መግዛት በጥማድ ይሁን፤ መሬቱን ያላለማም ድርሻው ስላለ ይከፍላል። ናፍጣ ግን የሚነደው በሰዓት ነው። የእኛን አንድ ወር ልንገርህ። አራት ጥማድ ሽንኩርት ያለው 24 ሰዓት አጠጣ፤ ሁለት ጥማድ በቆሎ ያለው 10፤ አንድ ጥማድ ቲማቲም ያለው 14፤ አንድ ጥማዱን ያሳደረው ምንም። ሞተራችን በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይበላል፤ በድምሩ 48 ሊትር። በጥማድ ብናካፍለው ለአንዱ ጥማድ 6 ሊትር ይደርሳል። ባለሽንኩርቱ ያው 24 ይከፍላል። ባለቲማቲሙ ግን 14 አንድዶ 6 ይከፍላል፤ መሬቱን ያሳደረው ደግሞ ሳያጠጣ 6 ሊትር ይገዛል። ጭቅጭቃችሁ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ሁሉም የናፍጣ ታንከሩን እስከ አፉ ሞልቶ ይረከባል፣ እስከ አፉ ሞልቶ ያስረክባል። ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ ካዘነበለ ልኩ ይሳሳታል። ጠፍቶ ሳይበርድ አትሙሉ። ሞተሩን የሚጨርሰውም ሰዓት ስለሆነ፣ ለዘይትና ለጥገና በየሰዓቱ 20 ብር ሣጥን ውስጥ እንጥላለን።

ከዚያው አካባቢ፦ «ጋሼ፣ የእኔ ማሳ የቦዩ ጫፍ ላይ ነው። ውሃው እስኪደርሰኝ 40 ደቂቃ ይነዳል። እሱም በእኔ ይቆጠር?»

አይቆጠርብህ። ደረቅ ቦይ የሚያርሰውን ውሃ እኛ ለሁላችን እናካፍላለን። ከላይ ጀምራችሁ ሞተሩን ሳታጠፉ ከተቀባበላችሁ ቦዩ የሚርሰው አንዴ ብቻ ነው። ከተራው ውጭ የመጣ ግን የራሱን ይክፈል።

ከሐይቅ፦ «አልስማማም። ጫፍ ላይ ያለው መሬቱን ሲይዝ ርቀቱን ያውቃል። እኔ ስለ እሱ አፈር ለምን ልክፈል?»

ይህን እኛም አልጨረስነውም። አንዱ ጎረቤቴ እስከ ዛሬ እንዳንተ ነው የሚለው።

አንዲት እናት፦ «መሬቴን ለእኩል ሰጥቻለሁ። አራሹ ናፍጣውን አንቺ ቻዪ ይለኛል።»

እቴ፣ የሞተሩ መዝገብ የሚያውቀው ውሃውን የከፈተውን ነው። ናፍጣውን ከምርቱ ላይ አንስታችሁ የቀረውን ብትካፈሉ ይሻላል፤ ግን ከመዝራታችሁ በፊት በሽማግሌ ፊት ተነጋገሩ። የጉድጓዱ ጥረጋ ግን የባለመሬቷ ነው፤ ከአንቺ አይወርድም።

ከቃሉ፦ «የኛ በፀሐይ ነው የሚሠራው፤ ናፍጣ ስለሌለ ይህ ሁሉ አይመለከተንም።»

ይመለከታችኋል። የቀትር አንድ ሰዓትና የማለዳ አንድ ሰዓት የሚያወጡት ውሃ እኩል አይደለም። ማለዳ ብቻ የሚደርሰው ሰው በሰዓት ከተቆጠረበት ይበደላል። ቀትሩን በየተራ አዙሩት። ጉድጓዱም ሲሳብ ውሎ ወደ ማታ ይጎድላል፤ ቱቦው አየር እየሳበ ሲንኮራፋ ከሰማችሁ አጥፉና ውሃው እስኪመለስ ጠብቁ፤ ያን ጊዜ በማንም ላይ አትቁጠሩ።