ኢንተራክሽን ያለበትን አኖቫ ለምትጽፉ ልጆች

ልጆች፣ ብዙ ዓመት የተማሪ ቴሲስ ሳነብ ሪዛልት ቻፕተሩ ላይ ደጋግሜ እማገኘው አንድ ነገር አለ፣ ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ። ሁለት ፋክተር ያለው አኖቫ ይሠራል፣ ሦስት ሦስት ኮከብ የያዙት ሁለቱ ሜይን ኢፌክቶች ገጽ ሙሉ ይወራላቸዋል፣ ኢንተራክሽኑ ግን "ሲግኒፊካንት ሆኖ ተገኝቷል" ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። ብዙ ጊዜ ግኝቱ ያለው እዛ የታለፈው መስመር ውስጥ ነው።

በደረቁ ከማወራ R ውስጥ አብሮ የሚመጣውን ToothGrowth የሚባለውን ዳታ እንያዝ፣ ሁላችሁም ከፍታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። 60 ጊኒ ፒጎች ናቸው፣ ቫይታሚን ሲ ተሰጥቷቸው ጥርስ የሚያሳድጉት ሴሎች ርዝመት ተለክቷል። ግማሾቹ ቫይታሚኑን ያገኙት በብርቱካን ጁስ ነው፣ ዳታው ላይ OJ ተብሏል፣ ግማሾቹ ደግሞ በአስኮርቢክ አሲድ፣ እሱ VC ነው። መጠኑ በቀን 0.5፣ 1 እና 2 ሚሊግራም። ሁለት በሦስት፣ ስድስት ክፍል፣ በያንዳንዱ 10 እንስሳ።

```
ToothGrowth$dose <- factor(ToothGrowth$dose)
m <- aov(len ~ supp * dose, data = ToothGrowth)
summary(m)
```

የመጀመሪያዋን መስመር እንዳትዘሏት። dose ዳታው ላይ ቁጥር ሆኖ ነው የተቀመጠው፣ ወደ ፋክተር ካልቀየራችሁት ሶፍትዌሩ ምንም ሳይናገር ቀጥ ያለ መስመር ይገጥምበታል፣ እናንተ ግን አኖቫ የሠራችሁ ይመስላችኋል። በምን ይታወቃል? በዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ። ሦስት ሌቭል ያለው ፋክተር 2 መያዝ አለበት፣ ሬዚጅዋሉም እዚህ 54 ነው። 1 እና 56 ካያችሁ ሌላ ሞዴል ነው የሠራችሁት ማለት ነው፣ እኔ ሰው ሰንጠረዥ ሲያሳየኝ ፒ ቫልዩውን ሳላይ በፊት ዓይኔ እዛ ነው የሚሄደው።

በትክክል ከሠራችሁት የቫይታሚኑ ምንጭ F(1, 54) = 15.57፣ መጠኑ F(2, 54) = 92.00፣ ኢንተራክሽኑ F(2, 54) = 4.11 ይወጣል፣ የመጨረሻው ፒ ቫልዩ 0.022 ነው። ሦስቱም ሲግኒፊካንት ናቸው። አሁን ተማሪው ምን ይጽፋል፣ "ብርቱካን ጁስ ከአስኮርቢክ አሲድ በአማካይ በ3.70 ይበልጣል" ብሎ ይጽፋል። ሒሳቡ ልክ ነው፣ የጁሱ አጠቃላይ አማካይ 20.66 የአሲዱ 16.96 ነውና። ግን እስቲ በየመጠኑ ልዩነቱን እዩት፣ 0.5 ላይ 5.25፣ 1 ላይ 5.93፣ 2 ላይ ግን ከዜሮ በ0.08 ያነሰ። የሦስቱ አማካይ ነው 3.70 የሆነው። በየትኛውም መጠን ላይ 3.70 የሚባል ልዩነት የለም! 1 ሚሊግራም ለሚሰጥ ሰው ቁጥሩ ያንሳል፣ 2 ለሚሰጥ ሰው ደግሞ የሌለ ጥቅም ይነግረዋል። ሜይን ኢፌክቱን አትጻፉ እያልኩ አይደለም፣ ሰንጠረዡ ውስጥ ይግባ፣ መደምደሚያ ግን አታድርጉት።

ፕሎቱ ላይ ስትመጡ "መስመሮቹ ፓራለል ስላልሆኑ ኢንተራክሽን አለ" ብላችሁ አታቁሙ፣ ያን ሁሉም ያውቀዋል። የት ጋ ነው ፓራለልነታቸው የሚጠፋው? ከ0.5 ወደ 1 ጁሱ ከ13.23 ወደ 22.70 ይወጣል፣ አሲዱ ከ7.98 ወደ 16.77፣ አንዱ 9.47 ሌላው 8.79 ጨመረ ማለት ነው፣ እስከዚህ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት። ከ1 ወደ 2 ግን ጁሱ 3.36 ብቻ ጨምሮ 26.06 ላይ ሲደርስ አሲዱ በዛው ፍጥነቱ 9.37 ጨምሮ 26.14 ገባ። ስለዚ በተራ ቋንቋ፣ በዝቅተኛ መጠን ጁሱ ይሻላል፣ መጠኑ ከፍ ሲል ጁሱ ወደ ጣሪያ እንደደረሰ ነገር ይቀዘቅዛል አሲዱም ይደርስበታል። ፕሎቱ ጫፍ ላይ መስመሮቹ ትንሽ የተሻገሩ ይመስላሉ፣ ግን በ0.08 ልዩነት "አሲዱ በለጠ" አይባልም። ሌላም ነገር አለ፣ ፋክተር ስለሆነ 0.5፣ 1 እና 2 እኩል ተራርቀው ነው የሚሳሉት፣ በእውነተኛው ስኬል የመጨረሻው ርቀት የመጀመሪያውን እጥፍ ነው፣ ስለዚ ስለ መስመሩ ዳገትነት ስትጽፉ "መጠኑ በእጥፍ ባደገ ቁጥር" ብትሉ ነው እሚሻለው።

ከዛ ሲምፕል ኢፌክት፣ ማለትም በየመጠኑ ያለው የሁለቱ ምንጮች ልዩነት። ብዙ ልጆች ዳታውን በመጠን ሦስት ቦታ ቆርጠው ሦስት ቲ ቴስት ይሠራሉ፣ እንዲህ ሲደረግ እያንዳንዱ ቴስት በ20 እንስሳ ብቻ ይቀራል፣ ከሙሉው ሞዴል ያገኛችሁትን የስህተት ግምት ትጥሉታላችሁ። በክፍሎቹ ውስጥ ያለው ስርጭት ተቀራራቢ ነው ካላችሁ (አኖቫውን ስትሠሩ ብላችኋል) ያንኑ ሬዚጅዋል ሚን ስኩዌር 13.19 ከ54 ዲግሪው ጋር ተጠቀሙ።

```
library(emmeans)
pairs(emmeans(m, ~ supp | dose))
```

0.5 ላይ t(54) = 3.23፣ ፒ 0.002፤ 1 ላይ t(54) = 3.65፣ ፒ 0.0006፤ 2 ላይ t(54) = −0.05፣ ፒ 0.96። ይሄ ትእዛዝ በሦስቱ መጠኖች መሃል ኮሬክሽን አያደርግም፣ በሆልም ካስተካከላችሁት 0.004፣ 0.002 እና 0.96 ይሆናሉ፣ የቱን እንደጻፋችሁ ግለጹ። ሥራችሁን ማመሳከር ከፈለጋችሁ ደግሞ የሦስቱን ሲምፕል ኢፌክት ሰም ኦፍ ስኩዌር ደምሩ፣ 137.8 እና 175.8 እና 0.03፣ ወደ 313.7 ይመጣል። የምንጩ 205.4 እና የኢንተራክሽኑ 108.3 ተደምረውም እሱኑ ነው የሚሰጡት። ክፍሎቹ እኩል ቁጥር ሲኖራቸው ይሄ ሁሌም መግጠም አለበት፣ ካልገጠመ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

አንድ ጥንቃቄ። "1 ላይ ሲግኒፊካንት ነው፣ 2 ላይ አይደለም፣ ስለዚህ ልዩነቱ እንደ መጠኑ ይለያያል" የሚለው አካሄድ ማስረጃ አይሆንም፣ አንዱ 0.04 ሌላው 0.06 ወጥቶ ልዩነቶቹ ግን አንድ አይነት ሊሆኑ ይችላሉ። ያን የሚፈትነው ራሱ የኢንተራክሽኑ F ነው፣ ስለዚ ቅድሚያ እሱ ይጻፍ፣ ሲምፕል ኢፌክቶቹ የት እንደሆነ ለማሳየት ይከተሉ።

እኔ ብጽፈው እንዲህ ነው እምጽፈው፦ "የምንጩ ልዩነት እንደ መጠኑ ይለያያል፣ F(2, 54) = 4.11, p = .022። ጁሱ በ0.5 ሚሊግራም በ5.25 (95% ሲአይ ከ1.99 እስከ 8.51)፣ በ1 ሚሊግራም በ5.93 (ከ2.67 እስከ 9.19) ይበልጣል። በ2 ሚሊግራም ልዩነት አልታየም፣ −0.08 (ከ−3.34 እስከ 3.18)።" ኢንተርቫሎቹ ያልተስተካከሉ መሆናቸውን ከስር ጽፉት። የመጨረሻውን ኢንተርቫል ደግሞ በደንብ እዩት፣ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ከ3 በላይ ይሄዳል። ለዚህ ነው "እኩል ናቸው" ያላልኩት፣ በ10 በ10 እንስሳ የ3 ልዩነት ቢኖርም ላናየው እንችል ነበር።