ተሻሽሎ ለመጣ ረጅም ሰነድ ትርጉም ሜሞሪ እንዲሠራልሽ

«ሐረር ሆኜ የምሠራ ተርጓሚ ነኝ። አምና ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ የተረጎምኩት ረጅም መመሪያ ተሻሽሎ መጣ። አብዛኛው ዓረፍተ ነገር ያው ነው። አሮጌውን ከነትርጉሙ OmegaT ውስጥ አስገብቼ ሞከርኩ፤ ምንም አላገኘልኝም ማለት ይቻላል። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

እህቴ፣ ፋይሎቹን ባላያቸውም ችግሩ ፊደሉ ላይ ይመስለኛል። እኔ እዚህ ድሬዳዋ ለአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ደህንነት ማኑዋል ተርጉሜ ነበር። 96 ገጽ ነው፣ እንዳንቺው ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ። በዓመቱ ተሻሽሎ ሲመጣ ያው ያንቺ ነገር ገጠመኝ። ሁለት ቀን ሙሉ የሶፍትዌሩን ሴቲንግ ስነካካ ቆየሁ። መፍትሔው ግን ሰነዱ ውስጥ ነበር።

ፕሮግራሙ ትርጉም አይገባውም። የሚያነጻጽረው ፊደልን ከፊደል፣ ቃልን ከቃል ነው። ለኛ «ሰራተኛ» እና «ሠራተኛ» አንድ ናቸው፤ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የኔን ማኑዋል ያሻሻለው ሰው «ሰራተኛ»ን በሙሉ «ሠራተኛ» አድርጎታል፤ «ሃላፊ»ን ደግሞ «ኃላፊ»። የቋንቋ ሰው ስለሆነ ደግ አደረገ። የደህንነት ማኑዋል ውስጥ ግን ሠራተኛ የሌለበት ዓረፍተ ነገር ስንት ነው? ሙሉ በሙሉ መግጠም የነበረበት ሁሉ ወደ ከፊል ግጥሚያ ወረደ። አጭር ከሆነማ ጭራሽ ራቀ።

ሁለተኛው ችግር አራት ነጥብ ነው። አሮጌው ፋይል ላይ አራት ነጥቡ የተጻፈው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ነበር፤ ማለትም `፡፡`። አዲሱ ላይ ትክክለኛው `።` ነው። በዓይን አይለዩም። አልፎ አልፎም የእንግሊዝኛው `::` ገብቶበታል። በዚያ ላይ የኔ OmegaT ዓረፍተ ነገር የሚቆርጠው በእንግሊዝኛ ነጥብ፣ በጥያቄ ምልክትና በቃለ አጋኖ ብቻ ነበር። አራት ነጥብ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ስድስት ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ እንዳለ አንድ ቁራጭ ይሆናል። ከስድስቱ አንዱ ሲቀየር አምስቱም ደህናዎቹ አብረው ይሄዳሉ። ያንቺም እንዲህ መሆኑን ለማወቅ ኤዲተሩን ከፍተሽ አንዱን ቁራጭ እዪው። አንቀጹ በሙሉ አንድ ላይ ከተከፈተልሽ ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ የአሮጌውንና የአዲሱን አማርኛ ኮፒ አደረግኩ፤ ዋናዎቹን አልነካሁም። በሁለቱም ኮፒዎች ላይ ዎርድ ውስጥ `Ctrl+H` ከፍቼ `፡፡` እና `::` የሚሉትን በ `።` ተካሁ። ከአራት ነጥብ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ያልተተወባቸውም ነበሩ። ስለዚህ `።`ን በ«`።` እና አንድ ክፍት ቦታ» ተካሁና ድርብ የሆነውን ክፍት ቦታ መልሼ ነጠላ አደረግኩ። ቀጥሎ አዲሱ ላይ «ሠራተ»ን በ«ሰራተ» ለወጥኩ። «ሠራተኛ» ብለሽ ብቻ ብትፈልጊ «ሠራተኞች» ያመልጥሻል፤ ለዚህ ነው ግንዱን የምፈልገው። «ኃላፊ»ንም እንዲሁ ወደ «ሃላፊ» መለስኩ። የአማርኛው አጻጻፍ ኦሮምኛው ላይ ስለማይወጣ ይህ ደንበኛውን አይነካም። እንዳለ በአማርኛ የሚቀር የቅጽ ስም ወይም ማኅተም ላይ ያለ ጽሑፍ ካለ ግን መጨረሻ ላይ ወደ ትክክለኛው አጻጻፍ መልሺው።

ከዚያ OmegaT ላይ የ Segmentation ቅንብሩን ከፍተሽ ለአማርኛ አንድ ደንብ ጨምሪ። ከመቁረጫው በፊት የሚመጣው፦

```
[።?!]
```

ከመቁረጫው በኋላ ደግሞ፦

```
\s
```

ሁለተኛው ክፍት ቦታ ማለት ነው። ቅድም ክፍት ቦታውን ያስተካከልነው ለዚህ ነበር።

አሁን አሮጌውን አማርኛና አሮጌውን ኦሮምኛ ማጣመር ነው። Tools ውስጥ Align Files አለ። የምትሰጪው ኦሮምኛ ደንበኛው አርሞ ያጸደቀው የመጨረሻው ቅጂ ይሁን። የራስሽን የመጀመሪያ ረቂቅ ከሰጠሽው አምና የታረመልሽ ስህተት በሙሉ ዘንድሮ ተመልሶ ይመጣል። ስታጣምሪ አንዱን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፍለሽ የተረጎምሽበት ቦታ ላይ መስመሩ ይንሸራተታል። እኔ የምይዘው በቁጥር ነው። አማርኛው ውስጥ 220 ቮልት ካለ ትይዩው ላይም 220 መኖር አለበት። ከሌለ ወደ ላይ ተመልሼ የተንሸራተተበትን ፈልጌ እዚያው አስተካክላለሁ። የኔ ማኑዋል ለዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ወስዷል፤ አልቆጨኝም።

የሚወጣውን የ TMX ፋይል የፕሮጀክቱ `tm` ፎልደር ውስጥ አድርጊው። `tm/auto` ውስጥ አታስገቢው። እዚያ የገባ ሜሞሪ ሙሉ በሙሉ የገጠመውን ሳይጠይቅሽ ራሱ ይሞላዋል። በእጅሽ ያጣመርሽውን ገና ስላልፈተሽሽው ቢያንስ አንድ ጊዜ በዓይንሽ እለፊበት።

ከጽዳቱ በኋላ ከማኑዋሉ ከሦስት እጅ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ገጠመ። ሆኖም እኔን የሚያሳስበኝ ያልገጠመው አይደለም። እሱን እንደ አዲስ ትተረጉሚዋለሽ፣ ያልቃል። አደጋው ሊገጥም ትንሽ የቀረው ላይ ነው። አሮጌው «ማሽኑ ከቆመ በኋላ 15 ደቂቃ ጠብቁ።» ይላል። አዲሱ ላይ 15ቱ 30 ሆኗል። OmegaT ለእያንዳንዱ ግጥሚያ ሦስት መቶኛ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቁጥርን ከግምት አያስገቡም፤ ቁጥርን የሚቆጥረው ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ፊት ያሉት ሁለቱ 100 ሆነው ሦስተኛው ብቻ ዝቅ ይላል። ፊተኛውን ብቻ አይቶ `Ctrl+R` የሚመታ ሰው የቆየውን 15 ደቂቃ ያጸድቃል። እኔ መትቼ አልፌ ነበር። ያገኘሁት የሁለቱን ፋይሎች ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳይ ነው። ሳይበርድ የተከፈተ ማሽን የሰው እጅ ያቃጥላል። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛውን መቶኛ ሳላይ አላልፍም።

አሉታም እንዲሁ ነው። «ሽፋኑ ሥራ ላይ እያለ ይከፈታል» ወደ «አይከፈትም» ቢቀየር ከአምስት ቃል አንዱ ብቻ ነው የተለየው። መቶኛው ከፍ ያለ ነው፣ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። ፕሮግራሙ የተለየውን ቃል በቀለም ያሳይሻል፤ መጀመሪያ እሱን እዪ፣ ቁጥሩ ይቆይ።

ሙሉ በሙሉ የገጠመም ቢሆን አንድ ቃል ብቻ ሲሆን ያታልላል። የኔ ማኑዋል ሠንጠረዥ ውስጥ «ቁልፍ» የሚል አለ። የመሣሪያዎች ዝርዝር ላይ በር የሚከፈትበት ነው፤ የማሽኑ ሥዕል ላይ ደግሞ የሚጫን ማብሪያ ነው። ፕሮግራሙ ለሁለቱም «ፉርቱ» ብሎ ሰጠኝ። ለሁለተኛው Create Alternative Translation የሚለውን ነክተሽ ለዚያ ቦታ ብቻ ሌላ ትርጉም ስጪው። ሠንጠረዦችሽን ለብቻ እለፊባቸው፤ እንዲህ ያለው የሚደበቀው እዚያ ነው።