የማዕዘኑን ፌሮ ሳታዩ አርማታ አታስሞሉ

ሳይት ላይ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

አርማታ ሊሞላ ሲል ሁሉም ሰው ይቸኩላል። እናንተ ግን ቀድማችሁ መሰላል ውጡና በግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን የሚሄደውን የቶፕ ታይ ቢም ማዕዘኖች አንድ በአንድ እዩ።

የብሎኬት ግድግዳ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ይሰነጠቃል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ሁለት ግድግዳዎች የሚላቀቁት ማዕዘን ላይ ነው። ቶፕ ታይ ቢም እንደ መቀነት ዙሪያቸውን ይይዛቸዋል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ስለተሰማ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ፎቅ የሌለው፣ ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ። ቢሙ 20 በ20 ነው። አራት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ደግሞ እነሱን ዙሪያውን የሚያቅፍ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ስታፋ አለው። ስዕሉ ከዚህ በላይ ካዘዘ ስዕሉን ተከተሉ።

ችግሩ የሚመጣው ፌራዮው የእያንዳንዱን ግድግዳ ፌሮ ለብቻው አስሮ ማዕዘኑ ላይ ጫፍ ለጫፍ ሲያስጠጋቸው ነው። ከላይ ሲታይ ሙሉ ይመስላል። ውስጡ ግን መቀነቱ ተቆርጧል። የውጭው ፌሮ ማዕዘኑን ዞሮ በሌላው ግድግዳ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር መግባትና ከዚያኛው ፌሮ ጋር መደራረብ አለበት። ይህ የፌሮው ውፍረት 50 እጥፍ ነው።

የውስጠኛው ፌሮ ይበልጥ ያሳስታል። የውስጥ ጥጉን ተከትሎ ከታጠፈ፣ ሲሳብ ቀጥ ለማለት ይታገላልና አርማታውን ገፍቶ ያፈነዳል። ስለዚህ ማዕዘኑን አቋርጦ እስከ ውጭኛው ፊት ይሂድ። እዚያ ይታጠፍና ከሌላው ግድግዳ የውጭ ፌሮ ጋር ይደራረብ። ማዕዘኑ አካባቢ ስታፋውን ጠጋ ጠጋ ማድረግም ይጠቅማል።

ሊንቴል ሥራው ሌላ ነው። ከመስኮቱ በላይ ያለውን ብሎኬት ተሸክሞ ወደ ታች ይጎብጣል። የሚሳበው ሆዱ ስለሆነ ወፍራሙ ፌሮ ከታች ይሁን። 1.5 ሜትር ለሆነ መስኮት በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር አሳርፉት፤ ርዝመቱ 1.9 ሜትር ይሆናል። መሬት ላይ የሚሞላ ከሆነ አርማታው ሳይደርቅ የላዩን ፊት ምልክት አድርጉበት። ተገልብጦ ከተሰቀለ ወፍራሙ ፌሮ ከላይ ይቀራል፣ ሆዱም መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ ከወጣ ግን መጀመሪያ ማረፊያውን ጠርጥሩ፣ ከዚያ መሠረቱን።

መስኮቱ ከፍ ብሎ ቶፕ ታይ ቢሙ ራሱ ሊንቴል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያኔ ዙሪያውን የሚሄደውን ፌሮ አትቁረጡ። ለመስኮቱ የሚያስፈልገውን ከታች ጨምሩ፤ መደራረቢያውንም ከመስኮቱ መሐል አርቁት።