«አላስገባችሁም» ወይስ «አልደረሰኝም»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባሕር ዳር ሆኜ ከጣና ዙሪያ የሚመጣ የእምቦጭ ወርሃዊ ሪፖርት እሰበስባለሁ። ማስገቢያው ዓርብ አለፈ። በቴሌግራም ግሩፓችን «ማሳሰቢያ፦ እስካሁን ሪፖርት አላስገባችሁም፤ ለምን?» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ ደውለው «ምነው ተቆጣሽ?» አሉኝ። እኔ አልተቆጣሁም። ምን ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጣውን ያመጣው ግሱ ነው። «አላስገባችሁም» ስትዪ ባለቤቱ «እናንተ» ነው። «አልደረሰኝም» ብትዪ ባለቤቱ ሪፖርቱ ይሆናል፤ የጎደለብሽም አንቺ መሆንሽ በ«ኝ» ይታወቃል። «አልተላከም» የሚሉም አሉ። ለስላሳ ይመስላል፤ ግን አለመላኩን አረጋግጦ ይናገራል። ከደቅ ደሴት ልኮ ኔትወርክ ያስቀረበት ሰው ይህን ሲያነብ ቅር ይለዋል። «አልደረሰኝም» ግን ለእሱም እውነት ነው።

«ለምን?» የአለቃ ጥያቄ ነው፤ ምላሹም ሰበብ መደርደር ይሆናል። «ምን ገጠማችሁ?» በዪ። እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። «አላስገባችሁም» እና «ገጠማችሁ» ውስጥ ያለው «ችሁ» በመልክ አንድ ነው። በመጀመሪያው አድራጊው እነሱ ናቸው፤ በሁለተኛው ግን ነገሩ የደረሰባቸው እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሰዉ ከተከሳሽነት ወጥቶ ችግሩን ይነግርሻል።

«እስካሁን» የዘገየውን ጊዜ ይቆጥራል። «ገና» ደግሞ ሊመጣ ያለውን ይጠብቃል፤ እሱን ምረጪ። «ማሳሰቢያ» የሚለው ርዕስም ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ስለሚያስታውስ ይቅር። «እባካችሁ»ንም አልመክርም። ቀን ካለፈ በኋላ ሲጻፍ የተሰላቸ ሰው ድምፅ አለው።

እንዲህ ብትጽፊስ፦

«ሰላም ለሁላችሁ። የጥቅምት ሪፖርት ማስገቢያው ዓርብ ነበር። የጎርጎራና የዘጌ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። የደቅና የደልጊ ገና አልደረሰኝም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አጠቃልዬ ስለማስረክብ እስከ 6 ሰዓት ላኩልኝ። የገጠማችሁ ነገር ካለ ደውሉልኝ።»

የላኩት በየቦታቸው ስም ተመስግነዋል። በአንቺ መልእክት «አላስገባችሁም» እነሱንም ጠቅልሎ ወቅሶ ነበር፤ ከደወሉት አንዱ ቀድሞ የላከ ቢሆን አይገርመኝም። የቀሩትም በቦታው እንጂ በሰው ስም አልተጠሩም።

«ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል» ያላልኩት አስቤበት ነው። እንዲህ ሲባል ሰዓቱ እንደ ምኞት ይቆጠርና ሰኞም ያልፋል። «ላኩልኝ» ትእዛዝ ቢሆንም መሐሉ ላይ ያለችው «ል» ነገሩን ለአንቺ የሚደረግ ውለታ ታደርገዋለች። «ላኩ» ብቻ ብትዪ ያ ይጠፋል። ምክንያቱንና ሰዓቱን አታለሳልሺው፤ እንዳለ ተናገሪው።

በሚቀጥለው ወርም ያው ሰው ከዘገየ ግሩፑ ላይ አትጻፊ። ለብቻው ደውዪለትና «የደልጊው ገና አልደረሰኝም፤ ምን ገጠመህ?» በዪው።